ዘጠኙ ማርክ የት የት ይውላል?

አንድ የ10ኛ ክፍል የሂሳብ መምህር ስለ ክብ ካስተማረ በኋላ እንዲህ ያለ ጥያቄ አወጣ እንበል። ማዕከሉ መ የሆነ፣ ሬዲየሱ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ አለ። ከክቡ ውጪ ጠ የሚባል ነጥብ ተቀምጧል፤ ከማዕከሉ ያለው ርቀት 24 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጠ ተነስተው ክቡን የሚነኩ ሁለት ታንጀንቶች ተሠርተዋል፤ አንዱ ክቡን ሀ ላይ፣ ሌላው ለ ላይ ይነካዋል። ተማሪው በመጀመሪያ የጠሀን ርዝመት፣ ቀጥሎ ማዕከሉ ላይ ያለውን የሀመለ ማዕዘን፣ በመጨረሻም በሁለቱ ታንጀንቶችና በአጭሩ ቅስት መካከል የታጠረውን ቦታ ስፋት ይፈልጋል።

ለመምህሩ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ታንጀንት ሬዲየሱን በሚነካበት ቦታ 90 ዲግሪ ስለሚሠራ መሀጠ ቀጤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ስለዚህ ጠሀ = √(24² − 12²) = √432 = 12√3፣ ማለትም 20.78 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ማዕከሉ ላይ ያለው የአንዱ ሦስት ማዕዘን ማዕዘን ኮሳይኑ 12/24 ስለሆነ 60 ዲግሪ ይመጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 120። የባለአራት ጎኑ ስፋት 144√3፣ ከውስጡ የሚቀነሰው ሴክተር ስፋት ደግሞ 48π ነው። ልዩነታቸው 98.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። ሦስቱ መልሶች አንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ፣ ወረቀቱ «አንሰር ኪይ» ይባላል፣ እርማቱም ይጀመራል። ልማዱ ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ይሰጥ የነበረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ስለነበር የሚፈለገው ፊደሏ ብቻ ነበረች። በክፍል ፈተና ላይ ግን ተማሪው «ሥራህን አሳይ» ተብሎ ግማሽ ገጽ ሲሞላ፣ ያ ግማሽ ገጽ በምን እንደሚታረም አስቀድሞ የተጻፈ ነገር ከሌለ መምህሩ እንደ ዕለቱ ስሜት ያርማል። ጠዋት ሦስት ማርክ ያገኘ ሥራ ማታ አንድ ተኩል ያገኛል።

እስቲ አንድ ተማሪ እናስብ። ቀጤ ማዕዘኑን አይቷል፣ ምክንያቱንም ጽፏል፣ √(24² − 12²) ብሎም በትክክል አስቀምጧል። ነገር ግን ከ576 ላይ 144 ሲቀንስ 432 በማለት ፈንታ 442 አለ። ስለዚህ ጠሀ 21.02 ሆነበት። ማዕዘኑን በኮሳይን በትክክል አገኘ። ሦስተኛው ላይ የራሱን 21.02 ይዞ ሁሉንም ነገር በሥርዓት ሠርቶ 101.44 ላይ ደረሰ። ጥያቄው በጠቅላላው 9 ማርክ ቢይዝ፣ ለአንደኛው ክፍል 3፣ ለሁለተኛው 2፣ ለሦስተኛው 4 ቢመደብና መልስ ብቻ ቢታይ፣ ይህ ልጅ የሚያገኘው ሁለት ማርክ ነው። አንድ የመቀነስ ስህተት ሰባት ማርክ ወሰደበት ማለት ነው። ጎኑ የተቀመጠው፣ ክብ የሚባል ነገር ያልገባውና ማዕዘኑን በፕሮትራክተር ለክቶ 120 ብሎ የጻፈው ልጅም እኩል ሁለት ያገኛል።

የእርማት መመሪያ ማርክን በሁለት የሚከፍለው እነዚህን ሁለት ልጆች ለመለየት ነው። አንደኛው የዘዴ ማርክ ነው፤ ተማሪው ወደ መልሱ የሚያደርስ ትክክለኛ እርምጃ ከወሰደ፣ ቁጥሩ ቢበላሽበትም የሚሰጠው ነው። ሁለተኛው የትክክለኛነት ማርክ ነው፤ የሚሰጠው ቁጥሩ ልክ ሲሆን ነው፤ ያውም የዘዴው ማርክ ከተገኘ ብቻ። ካምብሪጅ በሚያወጣቸው የሂሳብ እርማት መመሪያዎች ላይ የመጀመሪያው ኤም፣ ሁለተኛው ኤ እየተባለ ከጎኑ ቁጥር ይጻፍበታል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ቢ የሚባለውና በማንም ላይ ሳይመሠረት ለአንድ ራሱን ለቻለ ነገር የሚሰጠው። እዚህ ዘ (ዘዴ)፣ ት (ትክክለኛነት) እና ነ (ነጻ) እያልን እንቀጥል።

አሁን ዘጠኙን ማርክ እናከፋፍል። አንደኛው ክፍል ላይ ቀጤ ማዕዘኑን ከነምክንያቱ ለተናገረ ነ1፣ የፓይታጎረስን ሕግ በትክክለኛው መልክ ቁጥር አስገብቶ ለጻፈ ዘ1፣ ለ12√3 ወይም ለ20.78 ት1። ሁለተኛው ላይ ማዕዘኑን ከጎኖቹ ጋር ለሚያያይዝ ማንኛውም ትክክለኛ ስሌት ዘ1፣ ለ120 ት1። ሦስተኛው ላይ ለቀጤ ሦስት ማዕዘኑ ወይም ለባለአራት ጎኑ ስፋት ዘ1፣ ተማሪው ራሱ ባገኘው ማዕዘን ለተሠራ የሴክተር ስፋት ዘ1፣ ሁለቱን አቀናንሶ የተጠየቀውን ቦታ በሙሉ ለሚሰጥ ስሌት ዘ1፣ ለመጨረሻው ቁጥር ት1። አምስት የዘዴ፣ ሦስት የትክክለኛነት፣ አንድ ነጻ። ለጥያቄው አሥር ማርክ ቢሰጠው ለመደመር ይመች እንደነበር አውቃለሁ። ነገር ግን አሥረኛዋን ለመሙላት ብቻ «ለንጽህና» ወይም «ቀመሩን ለጻፈ» የሚል እርምጃ መፈልሰፍ መመሪያውን ያበላሻል። ቀመር ብቻውን የጻፈ ተማሪ ገና ምንም አልሠራም፤ ቁጥር ሲያስገባበት ነው የዘዴ ማርክ የሚገባው።

ጂኦሜትሪ ከአልጀብራ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አልጀብራ ላይ ዘዴው መስመር በመስመር ወረቀቱ ላይ ይታያል። ጂኦሜትሪ ላይ ግን ትልቁ እርምጃ ብዙ ጊዜ ማየት ብቻ ነው። ተማሪው ከመ እስከ ሀ ያለውን ሬዲየስ ስዕሉ ላይ ያሰምራል፣ ጥጉ ላይ ትንሽ የቀጤ ማዕዘን ምልክት ያደርጋል፣ ከዚያ አንድም ቃል ሳይጽፍ በቀጥታ ወደ ስሌቱ ይገባል። ምልክቷ ማርክ ታስገኛለች ወይስ አታስገኝም? መመሪያው ይህን በግልጽ ካልተናገረ ሁለት አራሚዎች ሁለት የተለያየ ውሳኔ ይሰጣሉ። የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው፦ ስዕል ላይ የተደረገ ምልክት ለዘዴ ይቆጠር፤ ምክንያት ለሚጠይቀው ነ1 ግን አይበቃም። ለምን ቢባል ምልክቱ ተማሪው 90 ዲግሪ መሆኑን እንዳመነ ያሳያል፤ ለምን 90 እንደሆነ ግን አይናገርም። ዓይኑ ቀጤ ስለመሰለው ያደረገውም ሊሆን ይችላል። ይህ ውሳኔ ፍትሐዊ የሚሆነው ግን ጥያቄው ራሱ «ምክንያትህን ጻፍ» ካለ ብቻ ነው። ያልተጠየቀን ነገር መመሪያ ላይ አስገብቶ ማርክ መቀነስ አይገባም፤ ማርኩ ካለ ጥያቄው ይስተካከል፣ ጥያቄው ካልተስተካከለ ማርኩ ይውጣ።

የፕሮትራክተሩም ነገር ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ስዕሉ በትክክለኛ ልኬት ከተሳለ 120 ዲግሪን ለክቶ ማግኘት ይቻላል። ት1 ዘ1ን ስለሚከተል፣ ለክቶ ያገኘ ልጅ በመመሪያው መሠረት ሁለቱንም ያጣል፤ መልሱ ልክ ሆኖ ዜሮ ሲያይም ይከራከራል። ክርክሩን አስቀድሞ የሚዘጋው ጥያቄው ሥር የሚጻፍ አንድ መስመር ነው፦ «ስዕሉ በልኬት አልተሳለም»። ስዕሉም በእርግጥ ሆን ተብሎ ትንሽ መዛነፍ አለበት። ሌላም መልኩን የቀየረ ግምት አለ፦ «ሦስት ማዕዘን ጠሀለ ሁሉም ጎኑ እኩል ይመስላል፣ ስለዚህ ጠ ላይ 60 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ መ ላይ 120 ነው።» መልሱ ልክ ነው፤ ሦስት ማዕዘኑም በእርግጥ ጎኖቹ እኩል ናቸው። ነገር ግን «ይመስላል» ማስረጃ ስላልሆነ ዘ1 የለም፣ ት1ም የለም።

ይኸው ሦስት ማዕዘን በሌላ እጅ ሲገባ ግን ሙሉ ማርክ ያስገኛል። ጎበዝ የሆነች ተማሪ ጠሀና ጠለ እኩል መሆናቸውን ጽፋ፣ ከ120 ተነስታ ጠ ላይ ያለው ማዕዘን 60 መሆኑን አሳይታ፣ ሦስቱም ጎኖች 12√3 እንደሆኑ ትደርሳለች። ከዚያ የዚያን ሦስት ማዕዘን ስፋት 108√3 ታገኛለች። ከዚህ ላይ ደግሞ በሀለ መስመርና በቅስቱ መካከል ያለችውን ቁራጭ፣ ማለትም 48π − 36√3ን ትቀንሳለች። ውጤቱ ያው 144√3 − 48π ነው። መመሪያው ግን «ለመሀጠለ ስፋት ዘ1» ብቻ ብሎ ከተጻፈ፣ ይህች ልጅ ባለአራት ጎኑን አንዴም ስላልጠራች የደከመ አራሚ ማርኳን ሊነሳት ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የዘዴ ማርክ አጠገብ የእርምጃው ዓላማ መጻፍ አለበት፤ የመምህሩ መንገድ በምሳሌነት ይከተላል። የሦስተኛው ክፍል የመጀመሪያ ማርክ «በቀጥታ መስመር ለታጠረ፣ ለመፍትሔው ለሚያስፈልግ ቅርጽ ስፋት» ቢባል ሁለቱንም መንገድ ያቅፋል። መጀመሪያ ማዕዘኑን አግኝቶ ጠሀን 12 ጊዜ የ60 ዲግሪ ታንጀንት ብሎ ያሰላም በአንደኛው ክፍል ዘ1 ይገባዋል። መመሪያ የሚጽፍ ሰው ጥያቄውን ቢያንስ በሁለት መንገድ መሥራት ያለበት ለዚህ ነው፤ ሦስተኛውን መንገድ ተማሪዎች ያመጡለታል።

ወደ 442ቱ ልጅ እንመለስ። አንደኛው ክፍል ላይ ነ1 እና ዘ1 አለው፣ ት1 የለውም። ሁለተኛው ላይ ሁለቱም አሉት። ሦስተኛው ላይ ሦስቱን የዘዴ ማርኮች አግኝቷል። ቀሪው ጥያቄ የመጨረሻው ት1 ነው። 101.44 ስህተት ነው፤ ግን ስህተቱ አዲስ አይደለም፣ ቀደም ሲል የተቀጣበት ነው። አንድን ሰው ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ መቅጣት ተገቢ አይደለም ከተባለ፣ አራሚው የልጁን 21.02 ይዞ ራሱ ያሰላል፤ 12 ጊዜ 21.02 ሲቀነስ 48π በእርግጥ 101.44 ከሆነ ማርኩን ይሰጣል። ይህ ስህተትን ተከትሎ ማረም ነው። ልጁ 8 ከ9 አገኘ። መልስ ብቻ ሲታይ ሁለት ካገኘው ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ብዙ ነው፤ ትክክሉ ግን ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከመቀነስ ሌላ የጎደለው ነገር የለምና።

ስህተትን መከተል ግን ወሰን ይፈልጋል። ሌላ ልጅ ፓይታጎረስን ገልብጦ √(24² + 12²) ብሎ ይጽፋል፤ 26.83 ያገኛል። ይህ የዘዴ ስህተት ስለሆነ ዘ1 የለም፣ ት1ም አብሮ ይቀራል። ነ1ን ካገኘ አንደኛው ክፍል 1 ከ3 ነው። ሁለተኛውን በኮሳይን በትክክል ከሠራ 2 አለው፤ ሦስተኛው ላይም ሦስቱ የዘዴ ማርኮች ይገቡታል። የመጨረሻው 171.2ስ? ከመ እስከ ጠ ያለው 24 የቀጤ ሦስት ማዕዘኑ ረጅሙ ጎን ነው። ከእሱ የሚረዝም ሌላ ጎን ሊኖር አይችልም፣ 26.83 ግን ይረዝማል። ተማሪው ቆም ብሎ ስዕሉን ቢያይ ስህተቱን ራሱ ያገኘው ነበር። ኢንተርናሽናል ባካሎሬት በመመሪያዎቹ ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ግልጽ ወሰን አለው፤ ስህተቱ ሊሆን ወደማይችል ዋጋ፣ ለምሳሌ ከ1 ወደሚበልጥ ሳይን ካደረሰ የመጨረሻው መልስ ማርክ አይሰጥም። ያንኑ ሐሳብ እዚህ ብንወስድ ልጁ 6 ከ9 ያገኛል።

ሁለተኛው ወሰን ስህተቱ ሥራውን ሲያቀልለት ነው። ተማሪው ሁለተኛው ክፍል ላይ 60 ብሎ ቆመ፣ መደመሩን ረሳ እንበል። ዘ1 አለው፣ ት1 የለውም። ሦስተኛው ላይ አንዱን ሦስት ማዕዘን 72√3፣ ሴክተሩን በ60 ዲግሪ 24π አድርጎ 49.3 ላይ ደረሰ። ስፋቶቹ እያንዳንዳቸው በትክክል ስለተሠሩ ሁለቱን የዘዴ ማርክ እንስጠው። ሦስተኛው የዘዴ ማርክ ግን «የተጠየቀውን ቦታ በሙሉ» ይላል፤ ይህ ልጅ የሰጠው ግማሹን ነው። ስለዚህ ያ ማርክና ተከታዩ ት1 ይቀራሉ። «በሙሉ» የምትለዋ ቃል መመሪያው ውስጥ ባትኖር ኖሮ እዚህ ላይ አራሚው ግራ ይጋባ ነበር።

የትክክለኛነት ማርክ ደግሞ ምን ያህል ልክ ሲሆን ልክ ይባላል የሚል ጥያቄ ያስከትላል። ካልኩሌተር ባልያዙ ተማሪዎች ዘንድ የፓይ ዋጋ አንዱ ጋ 3.14፣ ሌላው ጋ 22/7 ነው። የ3 ካሬ ሩትም አንዱ ጋ 1.73፣ ሌላው ጋ 1.732 ነው። 1.73ን ከ22/7 ጋር የተጠቀመ 98.26 ያገኛል። ጠሀን ወደ 20.8 አጠጋግቶ 3.14ን የተጠቀመ ደግሞ 98.88 ያገኛል። ሁለቱም ምንም አላጠፉም። ስለዚህ መመሪያው «98.6» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «144√3 − 48π፣ ወይም ከ98.2 እስከ 98.9» ይበል። ይህ ክልል በግምት አይመጣም፤ ተማሪዎች ሊጠቀሙባቸው የሚችሉትን ዋጋዎች ጥንድ ጥንድ እያደረጉ አስልቶ ዳር ዳሩን መውሰድ ነው። የ3 ካሬ ሩትን 1.7 ያለ ተማሪ 94 አካባቢ ይወድቃል፤ ያ ከመጠን በላይ ማጠጋጋት ስለሆነ ት1ን ቢያጣ አግባብ ነው። 144√3 − 48π ብሎ አቁሞ አሥርዮሽ ያልጻፈ ግን ሙሉውን ይገባዋል፤ እንዲያውም ከሁሉም ይበልጥ ትክክል እሱ ነው።

መልሱን ብቻ የጻፈ ተማሪም አለ። የካምብሪጅ ልማድ፣ ጥያቄው ሥራን በግድ ካልጠየቀ፣ ለትክክለኛ መልስ ብዙ ጊዜ ሙሉ ማርክ ይሰጣል፤ ያለ ዘዴ እዚያ አይደረስም በሚል። 65 ተማሪ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ ግምት አይሠራም፤ 98.6 ከጎን ወረቀትም ትመጣለች። ስለዚህ የጥያቄ ወረቀቱ አናት ላይ «ሥራ ያልታየበት መልስ ማርክ አያገኝም» ተብሎ ይጻፍና መመሪያውም ያንኑ ይበል።

መመሪያው እንዲህ ተጽፎ ካለቀ በኋላም ገና ረቂቅ ነው። ከደህናዎቹም፣ ከመካከለኞቹም፣ ከደካሞቹም የተወሰኑ ወረቀቶች ተመርጠው ኮፒ ይደረጉና ሁለት መምህራን ሳይነጋገሩ ያርሟቸዋል፤ ማርኩንም በድምር ሳይሆን ዘ1፣ ት0 እያሉ በየእርምጃው ይጽፋሉ። ድምር ብቻ ከተጻፈ አንዱ ነ1 ሰጥቶ ት1 ሲነሳ፣ ሌላው ተቃራኒውን ሲያደርግ ሁለቱም 7 ብለው ይስማማሉ፤ ልዩነታቸው ሳይታይ ያልፋል። የተለያዩበት እርምጃ ሲገኝ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ በመመሪያው ቃል ላይ ነው። አንዱ «መሀ ጠሀን በ90 ይነካዋል» የሚለውን እንደ ምክንያት ቆጥሮት ይሆናል፣ ሌላው ታንጀንት የሚለውን ቃል ጠብቆ። ያኔ መስመሩ ይስተካከላል፦ «ታንጀንት መሆኑን ወይም ክቡን በአንድ ነጥብ ብቻ መንካቱን ከጠቀሰ»።

ከዚያ በኋላ ያለው እርማት በጥያቄ ይሂድ እንጂ በተማሪ አይሂድ። የሁሉም ተማሪዎች ይህ ጥያቄ ታርሞ ካለቀ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል፤ ዘጠኙ ማርክ በአእምሮ ትኩስ እንዳሉ ነው ወረቀቶቹ የሚያልቁት። መሃል ላይ፣ አርባኛው ወረቀት ላይ እንበል፣ ማንም ያላሰበው አራተኛ መንገድ ብቅ ሊል ይችላል። መመሪያው ላይ በእስክሪብቶ ይጨመራል፤ ቀደም ብለው የታረሙት ሠላሳ ዘጠኙም ያንኑ መንገድ የያዘ እንዳለባቸው እንደገና ይገለጣሉ።